ዜማው የት ገባ? አራት ባር ለኦርኬስትራ እናቀናብር

ፒያኖ ላይ ቆንጆ የነበረ ዜማ ኦርኬስትራ ሲጫወተው ድራሹ ሊጠፋ ይችላል። እኔ ላይ ደርሷል። ቁራጯ አራት ባር ብቻ ነበረች። ዜማውን ለፍሉት፣ ኮርዱን ለሁለት ሆርን፣ ለባሱንና ለክር መሣሪያዎች ሰጠሁ፣ ሁሉም ላይ ፎርቴ፣ ማለትም «ጮክ ብላችሁ»፣ ብዬ ጻፍኩ። ኮምፒውተር ላይ ሳጫውታት አንጀት ታርስ ነበር። ልምምድ ላይ ግን ፍሉቷን የያዘችው ልጅ ፊቷ እስኪቀላ ብትነፋም የሚሰማው ሆርኑ ብቻ ሆነ።

ዛሬ ያቺኑ አራት ባር አብረን ፈትተን እንገጥማታለን። ስህተቶቼን አልደብቅም፣ ትምህርቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ስለ አጻጻፉ እንስማማ። ኖታዎቹን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ እያልኩ እጠራለሁ። ዶ ሁሌም ያው ዶ ነው፣ ከስኬል ስኬል አይቀያየርም። ከጎኑ ያለው ቁጥር ኦክታቩን ያሳያል። ዶ4 የፒያኖው መሃል ላይ ያለው ዶ ነው። ከእሱ በላይ ያለው ላ4 ኦርኬስትራ ከመጀመሩ በፊት የሚቃኝበት ድምፅ ነው። ♭ ፍላት፣ ♯ ሻርፕ ነው። በቅንፍ ያለው ቁጥር ኖታው ስንት ምት እንደሚቆይ ይናገራል።

ደረጃ 1፦ ሙዚቃውን በአራት ድምፅ ጻፉት

የመሣሪያ ስም ከመጻፋችሁ በፊት ሙዚቃው ራሱ በባዶው መቆም አለበት። የእኛው በሬ ማይነር ነው፣ አራት አራተኛ፣ ዘገም ያለ።

| ድምፅ | ባር 1 | ባር 2 | ባር 3 | ባር 4 |
|---|---|---|---|---|
| ዜማ | ላ4(3) ሬ5(1) | ሚ5(3) ዶ5(1) | ሬ5(2) ሲ♭4(1) ሶል4(1) | ላ4(4) |
| የላይ መካከለኛ | ፋ4(4) | ሚ4(4) | ሶል4(4) | ሚ4(4) |
| የታች መካከለኛ | ላ3(4) | ላ3(4) | ሬ4(4) | ዶ♯4(4) |
| ቤዝ | ሬ3(4) | ዶ3(4) | ሲ♭2(4) | ላ2(4) |

ቤዙ ከሬ እስከ ላ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ዜማው ባር 2 ላይ ሚ5 ደርሶ ይመለሳል። መጨረሻ ላይ ቤዙ ከሲ♭ ወደ ላ ሲወርድ፣ ዜማው ከሶል ወደ ላ ይወጣል። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ሄደው አንድ ኖታ ላይ መገናኘታቸው ነው መጨረሻውን የሚያሳምረው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ባር 3 አራተኛው ምት ላይ ዜማው ሶል4 ላይ ያርፋል። የላይ መካከለኛው ድምፅም እዚያው ሶል4 ላይ ተቀምጧል። ፒያኖ ላይ ችግር የለውም፣ ያው አንድ ቁልፍ ነው። ኦርኬስትራ ላይ ግን ዜማው ለአንድ ምት አጃቢው ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል። ወደዚህች ነጥብ እንመለስባታለን።

ደረጃ 2፦ ክልሉን ብቻ ሳይሆን ጉልበቱን እዩ

እያንዳንዱ መሣሪያ የሚደርስበት ዝቅተኛና ከፍተኛ ኖታ አለው። ይሄን የድምፅ ክልል እንለዋለን። ታች ያለው ሠንጠረዥ የሚያሳየው በጆሮ የሚሰማውን ድምፅ ነው። ጣሪያው ላይ ቁጥብ ሆኛለሁ፣ ጎበዝ ተጫዋች ከዚህ በላይ ይሄዳል።

| መሣሪያ | ዝቅተኛ | በምቾት እስከ |
|---|---|---|
| ፍሉት | ዶ4 | ላ6 |
| ኦቦ | ሲ♭3 | ሬ6 |
| ክላሪኔት | ሬ3 | ሬ6 |
| ባሱን | ሲ♭1 | ላ4 |
| ሆርን | ሲ1 | ዶ5 |
| ቫዮሊን | ሶል3 | ሚ6 |
| ቪዮላ | ዶ3 | ሚ5 |
| ቼሎ | ዶ2 | ላ4 |
| ኮንትራባስ | ሚ1 | ሬ3 |

የእኔ ፍሉት ከሶል4 እስከ ሚ5 ስትጫወት ክልሏ ውስጥ ነበረች። ሶፍትዌሩም ምንም ቀይ ምልክት አላሳየኝም። ግን መሣሪያ በክልሉ ሁሉ እኩል ጉልበት የለውም። ፍሉት ታች ስትሆን ድምፅዋ ትንፋሽ የበዛበት ነው፣ ለስላሳና ቀጭን። የፈለገውን ያህል ቢነፉባት ብዙም አትጎላም። ወደ ላይ ስትወጣ ግን እየበራች ትሄዳለች፤ ከላ5 በላይ ማንም አይሸፍናትም። እንዲያውም እዚያ ዝም ማሰኘቱ ነው የሚከብደው።

ኦቦ ተቃራኒው ነው። ታች ወፍራምና ጮክ ያለ ነው፣ ዝቅተኛ ኖታዎቹን በለስላሳ ማውጣት ለተጫዋቹ ፈተና ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ይቀጥናል። ዜማችን ያለበት አካባቢ፣ ከሶል4 እስከ ሚ5፣ ለኦቦ ቤቱ ነው ማለት ይቻላል። ጠርቶ ይሰማል፣ ተጫዋቹም እንደ ልቡ ያጎላዋል፣ ያለዝበዋል።

ክላሪኔትስ? እሱ ተንኮል አለው። ታችኛው ክፍሉ ሞቅ ያለና ጠቆር ያለ ነው፣ ላይኛው ደግሞ ብሩህ። በሁለቱ መሃል ግን፣ ከፋ4 እስከ ላ♭4 አካባቢ፣ ድምፁ ይገረጣል። የዜማችን ሶል4 እዚያ ላይ ይወድቃል። እንዳይሰምጥ የፈራናት ኖታ ማለት ናት። ስለዚህ ክላሪኔቱን ከዜማው አውጥቼ የታች መካከለኛውን ድምፅ አስያዝኩት። ላ3 እና ሬ4 ላይ ግርማ አለው፣ ሲፈለግም ከማንም በላይ በለስላሳ መጫወት ይችላል።

ደረጃ 3፦ ሚዛኑን በሒሳብ አስሉት

የሩሲያው የሙዚቃ ደራሲ ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ ስለ ኦርኬስትራ አቀናባበር የጻፈው መጽሐፍ እሱ ካረፈ በኋላ በ1913 ታትሟል። እዚያ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚሠራ የሒሳብ ዘዴ አለ። በፎርቴ አንድ ሆርን ከሁለት ፍሉት ወይም ከሁለት ኦቦ ወይም ከሁለት ክላሪኔት ጋር ይመጣጠናል። አንድ ትራምፔት ወይም ትሮምቦን ደግሞ ሁለት ሆርን ያህላል። በለስላሳ ሲጫወቱ ግን ልዩነቱ ይጠብባል።

ይሄን በእኔ ስኮር፣ የሁሉም መሣሪያ ኖታ በአንድነት በተጻፈበት ወረቀት፣ ላይ አስሉት። ኮርዱን የያዙት ሁለት ሆርኖች በፎርቴ አራት ፍሉት ያህላሉ። እኔ ያለችኝ ፍሉት አንድ ናት፣ እሷም ደካማ ቦታዋ ላይ። በዚያ ላይ ክሮቹ አሉ። ገና ወረቀት ላይ እያለ የተሸነፈ ጨዋታ ነበር።

ኮምፒውተሩ ለምን አልነገረኝም? ምክንያቱም የተቀዳ የፍሉት ድምፅ ከማይክ አጠገብ ተይዞ ከሆርኑ ጋር እኩል ተደርጎ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። አዳራሽ ውስጥ እንደዚያ ያለ ውለታ የለም። ሶፍትዌር ኖታ መሳሳታችሁን ይነግራችኋል፤ ሚዛንን በተመለከተ ግን ባታምኑት ይሻላል።

«ታዲያ ሆርኑን ዝቅ ማድረግ አይበቃም?» ትሉ ይሆናል። በከፊል ይበቃል። ግን ዝቅ ያለ ሆርን እንኳ ክብ ድምፁ ቦታ ይይዛል። የሁለቱ ሆርኖች ኖታ ደግሞ ከፍሉቷ ጋር አንድ ኦክታቭ ውስጥ ተፋፍጎ ነበር። በሁለት መንገድ መሄድ አለብን፦ ዜማውን ጉልበት ያለበት ቦታ ማዛወር፣ ከዚያ አጃቢውን ማሳሳት።

ደረጃ 4፦ ዜማውን ደርቡት፣ ግን ለምን እንደምትደርቡ እወቁ

መደረብ ማለት አንድ መስመር ለሁለት ወይም ከዚያ በላይ መሣሪያ መስጠት ነው። በዚያው ኖታ ሊሆን ይችላል፣ ወይም በኦክታቭ። ጀማሪ የሚሳሳተው መደረብ ሁሌ ዜማን የሚያደምቅ እየመሰለው ነው። በዚያው ኖታ ሲደረብ ክብደት ይጨመራል፤ የየራሳቸው ጠባይ ግን ይደበዝዛል። ኦቦ ለብቻው ሲጫወት አንድ ሰው የሚያወራ ይመስላል። ከቫዮሊኖች ጋር ሲሆን ያ ሰው ሕዝብ ውስጥ ይገባል።

በኦክታቭ ሲደረብ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። የላይኛው መሣሪያ የታችኛውን ድምፅ ያበራዋል። ሁለት ዜማ ሳይሆን አንድ የጠራ ዜማ ነው የሚሰማው።

ለአራት ባራችን የመረጥኩት ይህን ነው። አንደኛ ቫዮሊኖች ዜማውን ከላ4 ጀምረው ይይዛሉ። ኦቦው በዚያው ኖታ አብሯቸው ይሄዳል። ፍሉቷ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብላ ከላ5 ትጀምራለች።

ኦቦውን ለምን ፈለግኩት? ለዚያች ለሶል4 ነው። ሁለተኛ ቫዮሊኖች እዚያው ኖታ ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛ ቫዮሊኖች ብቻቸውን ቢመጡባቸው ድምፁ አንድ ዓይነት ስለሆነ ጆሮ መለየት አይችልም። ኦቦው ሲኖርበት ግን ዜማው ባለ ሌላ ቀለም ነው። ከላይም ፍሉቷ ሶል5 ላይ መንገዱን ታሳያለች። ኖታውን ሳልቀይር ችግሩን በቀለም ፈታሁት።

ታች ደግሞ ባሱኑን ከቼሎዎቹ ጋር በዚያው ኖታ ደረብኩት። ይሄ የቆየ ጋብቻ ነው፣ ብዙም አያከራክርም። ባሱኑ ለቼሎው ጥርት ያለ ጠርዝ ይሰጠዋል።

ደረጃ 5፦ ታች አስፉ፣ ላይ አጥብቡ

ሌላው ስህተቴ ባር 1 ላይ ነበር። ባሱኑን ፋ2 አስይዤው ነበር፣ ልክ ከኮንትራባሱ ሬ2 በላይ። ፒያኖ ላይ ግራ እጅ እንዲህ ያለ ኮርድ ሲይዝ እንለምደዋለን። ኦርኬስትራ ላይ ጭቃ ሆነ። የኮርዱን ስም እንኳ መለየት አቃተኝ።

ምክንያቱ ድምፅ ራሱ በተፈጥሮው የተሠራበት መንገድ ነው። አንድ ወፍራም ድምፅ ሲሰማ በላዩ ብዙ ስስ ድምፆች አሉ። ታች ተራርቀው ይጀምራሉ፣ ወደ ላይ ይጠጋጋሉ። ከላ1 ብንነሳ ቅደም ተከተሉ ላ2፣ ሚ3፣ ላ3፣ ዶ♯4፣ ሚ4 እያለ ይወጣል። ኮርዳችሁን በዚህ ቅርጽ ስታስቀምጡት አየሩ ራሱ ያግዛችኋል። ስለዚህ ከዶ3 በታች ኦክታቭ ወይም አምስተኛ እንጂ ሦስተኛ ባታስቀምጡ ጥሩ ነው።

አሁን ባር 3ን ተመልከቱ። ቤዙ ሲ♭2 ላይ ነው፣ ቀጣዩ ድምፅ ሬ4 ነው። መሃሉ በጣም ሰፊ ነው፣ ባዶነቱ ይሰማል። ሆርኑን እዚህ አስገባሁት፦ ባር 3 ሶል3፣ ባር 4 ሚ3። የሁለተኛ ቫዮሊኑን መስመር ነው በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ የሚይዘው። አንድ ሆርን ብቻ፣ በለስላሳ። ሁለተኛው ያርፋል።

ባር 4 ላይ ከታች ወደ ላይ ስትቆጥሩት ላ1፣ ላ2፣ ሚ3፣ ዶ♯4፣ ሚ4፣ ላ4፣ ላ5 ይሆናል። ከተፈጥሮው ቅደም ተከተል ጋር አስተያዩት። እስከ ሚ4 ድረስ ከላ3 በቀር ያው ነው።

ዶ♯4ን ለሆርን ለመስጠት ፈተናው ነበረብኝ። ትቼዋለሁ። ኮርዱን ሜጀር የሚያደርገው ያ ኖታ ብቻውንም ጎልቶ ይወጣል። ቪዮላና ክላሪኔት ይዘውታል፣ ሆርን ቢጨመር የሚሰማው እሱ ብቻ ይሆን ነበር።

ደረጃ 6፦ ስኮሩን ጻፉ

ከላይ ወደ ታች በተለመደው ቅደም ተከተል፣ በሚሰማው ድምፅ ይኸውላችሁ። ምልክቱ ላይ ያለው ፒያኖ መሣሪያው ሳይሆን «በለስላሳ» ማለት ነው፤ ሜዞ ፒያኖ ከእሱ ትንሽ ጎላ ይላል፣ ሜዞ ፎርቴ ደግሞ ከዚያም በላይ።

| መሣሪያ | ምልክት | ባር 1 | ባር 2 | ባር 3 | ባር 4 |
|---|---|---|---|---|---|
| ፍሉት | ሜዞ ፒያኖ | ላ5(3) ሬ6(1) | ሚ6(3) ዶ6(1) | ሬ6(2) ሲ♭5(1) ሶል5(1) | ላ5(4) |
| ኦቦ | ሜዞ ፎርቴ | ላ4(3) ሬ5(1) | ሚ5(3) ዶ5(1) | ሬ5(2) ሲ♭4(1) ሶል4(1) | ላ4(4) |
| ክላሪኔት | ፒያኖ | ላ3(4) | ላ3(4) | ሬ4(4) | ዶ♯4(4) |
| ባሱን | ፒያኖ | ሬ3(4) | ዶ3(4) | ሲ♭2(4) | ላ2(4) |
| ሆርን | ፒያኖ | እረፍት | እረፍት | ሶል3(4) | ሚ3(4) |
| ቫዮሊን 1 | ሜዞ ፎርቴ | ላ4(3) ሬ5(1) | ሚ5(3) ዶ5(1) | ሬ5(2) ሲ♭4(1) ሶል4(1) | ላ4(4) |
| ቫዮሊን 2 | ፒያኖ | ፋ4(4) | ሚ4(4) | ሶል4(4) | ሚ4(4) |
| ቪዮላ | ፒያኖ | ላ3(4) | ላ3(4) | ሬ4(4) | ዶ♯4(4) |
| ቼሎ | ሜዞ ፒያኖ | ሬ3(4) | ዶ3(4) | ሲ♭2(4) | ላ2(4) |
| ኮንትራባስ | ፒያኖ | ሬ2(4) | ዶ2(4) | ሲ♭1(4) | ላ1(4) |

የድምፅ መጠን ምልክቶቹ ለሁሉም አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን አያችሁ? ዜማው አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ይበልጣል። ፍሉቷ ዜማ ብትይዝም ዝቅ ተደርጋለች፣ ያለችበት ቦታ ራሱ ያጎላታል።

ለተጫዋቾቹ የምትሰጡት ወረቀት ላይ ግን ሦስት መሣሪያዎች በሌላ ኖታ ይጻፋሉ። የሲ♭ ክላሪኔት ከሚሰማው አንድ ሙሉ ቶን ከፍ ተደርጎ ይጻፋል፦ ሲ3፣ ሲ3፣ ሚ4፣ ሬ♯4። የፋ ሆርን አምስተኛ ከፍ ይላል፦ ሬ4 እና ሲ3። ኮንትራባስ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ወረቀቱ ልክ የቼሎውን ይመስላል። ይሄን ረስቶ ልምምድ የመጣ ሰው ቶሎ ይታወቃል፤ የመጀመሪያው ኮርድ ላይ ሁሉም ቀና ብሎ ያየዋል።

ደረጃ 7፦ ልምምድ ላይ በሽታውን ለዩ

ዜማው ካልተሰማ ወዲያው «ጮክ በሉ» አትበሉ። መጀመሪያ አጃቢውን በሙሉ አስቁማችሁ ዜማውን ብቻ ስሙ። ብቻውንም ደካማ ከሆነ ችግሩ ቦታው ነው፤ ኦክታቭ ወይም መሣሪያ መቀየር አለበት። ብቻውን ጥሩ ከሆነ አጃቢዎቹን አንድ በአንድ መልሱ። ሲገባ ዜማውን ይዞት የሚሄደው እሱ ነው ጥፋተኛው። አብዛኛውን ጊዜ ሆርን ነው፣ ወይም በአንድ ኦክታቭ ውስጥ የተፋፈጉ መካከለኛ ድምፆች።

የክሮቹ ብዛትም ሒሳቡን ይቀይረዋል። አንደኛ ቫዮሊኖች አስር ከሆኑ ኦቦው ውስጣቸው ቀለም ብቻ ይሆናል። ሦስት ከሆኑ ግን የሚሰማው ኦቦ ነው፣ ቫዮሊኖቹ ጥላው ይሆናሉ። ያኔ ኦቦውን ሜዞ ፒያኖ አድርጉት።

የእኔን ሁለተኛ ሙከራ ስንጫወት ዜማው ከመጀመሪያው ኖታ ጀምሮ ተሰማ። አሁን ደግሞ ፍሉቷ በዛች። ባር 1 ላይ ገና ላ5ን ስትይዝ ጆሮ ሁሉ ወደ እሷ ሄደ፣ ባር 2 ላይ ሚ6 ሲመጣ አዲስ ነገር መሆኑ ቀረ። እርሳስ አንስቼ የፍሉቷን ላ5 ሰረዝኩና የሦስት ምት እረፍት ጻፍኩ። አራተኛው ምት ላይ በሬ6 እንድትገባ አደረግኩ፣ በፒያኖ ምልክት። ደግመን ስንጫወተው ቫዮሊኖቹና ኦቦው ጀመሩት፣ ባር 2 ላይ ደግሞ ከላይ በራ። ሠንጠረዡ ላይ ያለውን እናንተም እንዲሁ አስተካክሉት።